ለቀድሞ አሠሪ የሚጻፍ የዳግም ቅጥር ማመልከቻ

ጥያቄ፦ «ኮምቦልቻ በሚገኝ የግል ፋብሪካ 5 ዓመት በሒሳብ ሠራተኝነት ሠርቻለሁ። እናቴን ለማስታመም ወደ ሐይቅ መሄድ ስለነበረብኝ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቼ በሰላም ለቀቅሁ። አሁን እናቴ ተሽሏት ስለተነሣች ለፋብሪካው ልጽፍ አስቤአለሁ። መልሰው የመቅጠር ግዴታ አለባቸው? ደብዳቤው ላይስ ምን ልበል?»

መልስ፦ እናትዎን እንኳን ማራቸው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በራሱ ፈቃድ የለቀቀን ሠራተኛ አሠሪው መልሶ እንዲቀጥር አይገደድም። ስለዚህ «ወደ ሥራዬ እንድመለስ» ብለው አይጻፉ፤ ይህ ያለአግባብ የተሰናበተ ሠራተኛ በክስ የሚጠይቀው ስለሆነ፣ የሰው ኃይል ኃላፊው ደብዳቤውን ለነገረ ፈጁ ሊመራው ይችላል። የእርስዎ ጥያቄ አዲስ ቅጥር ነው።

ሆኖም አንድ የሚጠቅምዎ ድንጋጌ አለ። በአዋጁ አንቀጽ 11 መሠረት በዚያው አሠሪ ዘንድ ለዚያው ሥራ እንደገና የሚቀጠር ሠራተኛ ለሙከራ አይቀጠርም። ሙከራ ላይ ያለ ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ካሳ ሊሰናበት ስለሚችል ጥቅሙ ቀላል አይደለም። ወሳኙ «ለዚያው ሥራ» የሚለው ነው፤ ፋብሪካው በግዥ ሠራተኝነት ልቅጠርዎ ቢል እስከ 60 የሥራ ቀን የሚደርስ ሙከራ በጽሑፍ ሊያስፈርምዎ ይችላል። በመሆኑም የቀድሞ መደብዎን በስሙ ይጥቀሱ፤ ለምሳሌ፦

«ጉዳዩ፦ በቀድሞ የሥራ መደቤ በድጋሚ እንድቀጠር ስለማመልከት። በፋብሪካው በሒሳብ ሠራተኝነት 5 ዓመት አገልግዬ በቤተሰብ ሕመም ምክንያት፣ ሕጋዊ ማስጠንቀቂያ ሰጥቼና ንብረት አስረክቤ በፈቃዴ ለቅቄአለሁ። ምክንያቱ አሁን ስለተወገደ፣ መደቡ ክፍት ከሆነ በድጋሚ እንድቀጠር አመለክታለሁ።»

በእኛ በወሎ ሰላምታና ምርቃት ሳይቀድም ጉዳይ አይነሣም፤ እሱን ከኃላፊው ጋር ቡና ሲጠጡ ያድርሱት፣ ደብዳቤው ግን አጭር ይሁን። ሲለቁ የተሰጠዎን የሥራ ልምድ ማስረጃ አባሪ ያድርጉ። ካልወሰዱ ዛሬም መጠየቅ ይችላሉ፤ አሠሪው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን ገልጾ በነፃ የመስጠት ግዴታ አለበት።

ቢቀጥሩዎ አገልግሎትዎ እንደ አዲስ ይቆጠራል። በ5 ዓመት 18 የሥራ ቀን የደረሰው የዓመት ፈቃድዎ ወደ 16 ይመለሳል፤ የቀድሞው ዘመን እንዲያዝልዎ ከፈለጉ ይህ በአዲሱ ውል ላይ በግልጽ መስፈር አለበት። የመደራደሪያ ጊዜው ከፊርማ በፊት ነው፤ ማመልከቻው ውስጥ ግን ባያነሡት እመርጣለሁ፣ ገና በሩን ሳይከፍቱ ሒሳብ የጀመሩ ያስመስልዎታል።

ደብዳቤውን በ2 ቅጂ አዘጋጅተው በመዝገብ ቤት ገቢ ያስደርጉና ቀንና ቁጥር ያለበትን ቅጂ ይያዙ። መልስ ቢዘገይ ዝምታቸውን እንደ እሺታ አይቁጠሩት፤ በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ዝምታ መቀበል አይደለም። ስለዚህ የቅጥር ደብዳቤው እጅዎ ሳይገባ በሐይቅ የያዙት ሌላ ሥራ ካለ አይልቀቁ።