የራግቢ ነጥብና ፊሽካ

«ደቡብ አፍሪካ በ2023ቱ የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ አንድም ትራይ ሳታስቆጥር ኒውዚላንድን እንዴት 12 ለ 11 አሸነፈች? ተጫዋች በወደቀ ቁጥር ፊሽካ የሚነፋውስ ለምንድን ነው?»

በአራት የቅጣት ምቶች ነው ያሸነፈችው። እያንዳንዱ 3 ነጥብ ነው። ትራይ ማለትም ኳሱን ከተጋጣሚ የግብ መስመር አሳልፎ መሬት ማስነካት 5 ያስገኛል፤ ተከትሎት የሚሰጠው ምት ከገባ 2 ይጨመራል። ኒውዚላንድ አንድ ትራይና ሁለት የቅጣት ምቶች አስቆጠረች፤ የትራዩን ተከታይ ምት ግን ሳተች። ገብቶ ቢሆን 13 ይሆንላት ነበር።

ፊሽካው አብዛኛውን ጊዜ ከታክል፣ ማለትም ኳስ የያዘን ተጫዋች ይዞ ከመጣል በኋላ ይመጣል። ተይዞ የወደቀው ኳሱን ወዲያው መልቀቅ አለበት፤ የጣለውም ለቆት ከመንገድ ዞር ይላል። ከዚያ ከሁለቱም ወገን ቢያንስ አንድ አንድ ተጫዋች ቆመው ከኳሱ በላይ ሲገፋፉ ራክ ይባላል። ራኩ ከተፈጠረ በኋላ ኳሱን በእጅ ለመንጠቅ መሞከር፣ ከጎን መግባትም ቅጣት ነው።

ስክረም ቀላል ስህተት ሲፈጸም ጨዋታው የሚቀጥልበት መንገድ ነው። ኳስ ከእጅ አምልጦ ወደፊት ሲወድቅ ስምንት በስምንት ተቆላልፈው ይገፋፋሉ።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ፦ ዳኛው ክንዱን ወደ ጎን ዘርግቶ ጨዋታው ከቀጠለ ጥፋቱን አልረሳውም፣ ለተበደለው ቡድን ዕድል እየሰጠ ነው። እኔ ይህን ሳላውቅ ትራይ የተሻረ እየመሰለኝ ብዙ ጊዜ ተናድጃለሁ። ዕድሉ ካልተሳካ ወደ ጥፋቱ ቦታ ይመልሳቸዋል።