ዳሽቦርዱ በየስንት ደቂቃ ይታደስ?

«ሰላም ለሁላችሁ። ቢግኩዌሪ ላይ ያለ የሽያጭ ዳታ አለን፤ በሉከር ስቱዲዮ ዳሽቦርድ ሠርተንለታል። አለቆቼ በየደቂቃው ይታደስ ይላሉ። የዚህ ወር ሂሳብ ሲመጣ ግን ደነገጡ። በየስንት ደቂቃ ባደርገው ይሻላል? ኮታስ ልጣልበት?»

ወንድሜ፣ ደቂቃውን ከመምረጥህ በፊት ዳታው ራሱ ቢግኩዌሪ ውስጥ በየስንት ጊዜው እንደሚገባ እይ። እኛ ይህን ሳናይ ጀምረን ብዙ ከፍለናል። የደረሰብንን ልንገርህ፤ የአንተም ነገር ከዚያ ብዙ የሚርቅ አይመስለኝም።

የምሠራው አዲስ አበባ ውስጥ ለሱቆች ሸቀጥ በሚያከፋፍል ድርጅት ነው። ሽያጭ ክፍል ግድግዳው ላይ ትልቅ ቲቪ ተሰቅሏል፤ ዳሽቦርዱ ቀኑን ሙሉ እሱ ላይ ነው። 10 ቻርት አለው። አለቆቻችን «ቁጥሩ ትኩስ ይሁን» ስላሉ የሉከር ስቱዲዮውን Data freshness ወደ 1 ደቂቃ አወረድነው። ገጹም በየደቂቃው ራሱን እንዲከፍት ብሮውዘሩ ላይ ኤክስቴንሽን ጫንን።

በ4ኛው ቀን ሂሳቡን ስከፍት ከ430 ዶላር በላይ ይላል። በብር ሳይሆን በዶላር። ፋይናንስ ክፍል ከመሄዴ በፊት ወረቀት አውጥቼ ስሌቱን ሠራሁት።

ቢግኩዌሪ በተለመደው አከፋፈል የሚያስከፍለው ኩዌሪው ባነበበው ዳታ መጠን ነው። በአሜሪካና በአውሮፓ መልቲ ሪጅን 1 ቴራ ባይት ማንበብ 6.25 ዶላር ነው። ቴራው በእነሱ አቆጣጠር 1,024 ጊጋ ነው። በየወሩ የመጀመሪያው 1 ቴራ ነፃ ነው። እያንዳንዱ ቻርት ደግሞ ቢያንስ አንድ የራሱ ኩዌሪ አለው። የእኛ ቴብል በቀን ስላልተከፋፈለ አንድ ቻርት የዛሬን ሽያጭ ለማሳየት የዓመቱን ሙሉ ዳታ ያነብ ነበር፤ 3 ጊጋ ገደማ። በ10 ቻርት 30 ጊጋ ማለት ነው። ቲቪው ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ማታ 12 ሰዓት ሲሠራ በቀን 600 ጊዜ ይታደሳል። 600 በ30 ሲባዛ 18,000 ጊጋ፣ ማለትም 17.6 ቴራ ገደማ። በቀን 110 ዶላር። 26 የሥራ ቀን ቢቀጥል ኖሮ ከ2,800 ዶላር ያልፍ ነበር።

ያው ዳሽቦርድ በየ15 ደቂቃው ቢታደስ በወር 184 ዶላር ገደማ ነው። በየሰዓቱ ቢታደስ 41 ዶላር። ቴብሉንም ቻርቱንም ሳትነካ፣ ደቂቃውን ብቻ በመቀየር ይህን ያህል ልዩነት አለ።

ከዋጋው በላይ ያናደደኝ ግን ሌላ ነው። የቅርንጫፎቹ ሽያጭ ወደ ቢግኩዌሪ የሚጫነው በሰዓት አንድ ጊዜ ነበር። ሰዓቱ ሲሞላ ይጀምራል፣ በ5 ደቂቃ ውስጥ ያልቃል። ስለዚህ በሰዓት ውስጥ ከምናድሳቸው 60 ጊዜያት 59ኙ ያንኑ ቁጥር መልሰው ያመጣሉ።

እዚህ ላይ «ዳታው ካልተቀየረ ቢግኩዌሪ ከካሽ በነፃ አይመልስም ወይ?» ትለኝ ይሆናል። ልክ ነህ። ቴብሉ ካልተነካና ኩዌሪው ቃል በቃል ያው ከሆነ ውጤቱን 24 ሰዓት ገደማ ያስቀምጣል፤ ያ ንባብ አይከፈልበትም። እኛ ጋ ግን ካሹ አንድም ቀን አልሠራም። ምክንያቱን ለማግኘት ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። አንድ የሥራ ባልደረባችን የዳሽቦርዱ ጥግ ላይ «መጨረሻ የታደሰው» የሚል ሰዓት እንዲወጣ ብሎ ከቻርቶቹ ጀርባ ያለው ኩዌሪ ውስጥ `CURRENT_TIMESTAMP()` ጨምሯል። እንዲህ ያለ በየቅጽበቱ የሚለወጥ ፋንክሽን ያለበት ኩዌሪ ካሽ አይደረግም። በዚያ ላይ ሰዓቱ እውነቱን አይናገርም። የሚያሳየው ኩዌሪው የተነሳበትን ሰዓት እንጂ ሽያጩ የገባበትን አይደለም። ሥራ አስኪያጁ «8 ሰዓት ከ40» የሚል አንብቦ የ8 ሰዓት ቁጥር እያየ ነበር። አሁን በእሱ ቦታ `MAX(loaded_at)` አድርገናል። ዳታው መቼ እንደገባ ይነግራል፣ ካሹንም አያበላሽም።

አንተ ጋ ያለውን ለማወቅ ይህን አስኪድ። ዳታህ ያለው ሌላ ሪጅን ከሆነ `region-eu` የሚለውን ቀይረው።

```sql
SELECT user_email, COUNT(*) AS n,
  COUNTIF(cache_hit) AS cached,
  ROUND(SUM(total_bytes_billed)/POW(1024,4), 2) AS tib
FROM `region-eu`.INFORMATION_SCHEMA.JOBS_BY_PROJECT
WHERE creation_time >
  TIMESTAMP_SUB(CURRENT_TIMESTAMP(), INTERVAL 7 DAY)
  AND job_type = 'QUERY'
GROUP BY user_email
ORDER BY tib DESC;
```

`n` በሺዎች ሆኖ `cached` ወደ ዜሮ ከተጠጋ፣ አንድ ነገር ካሹን እየሰበረው ነው። የእኛ ዓይነት ፋንክሽን ሊሆን ይችላል። ወይም ቴብሉ ውስጥ ዳታ በስትሪሚንግ እየገባ ይሆናል፤ እንደዚያ ያለ ቴብል ላይ ካሽ አትጠብቅ። የቢግኩዌሪ ካሽ በተለመደው አከፋፈል ለየሰዉ ለየብቻ መሆኑንም አትርሳ። ሉከር ስቱዲዮው በተመልካቹ አካውንት እንዲያነብ ከተደረገ፣ 20 ሰው ሲከፍተው 20 ጊዜ ነው የምትከፍለው። በባለቤቱ አካውንት ቢሆን ይጋሩታል። ማን የቱን ዳታ ማየት እንዳለበት ካጣራህ በኋላ ወደ ባለቤቱ አዙረው።

ይህን ካወቅን በኋላ ወደ ሰዎቹ ሄድን። «በየስንት ደቂቃ ይታደስላችሁ?» ብለህ አትጠይቅ፤ ሁሉም «ቶሎ ቶሎ» ነው የሚልህ። እኔ የጠየቅኩት «ይህ ቁጥር ሲቀየር ምን ታደርጋለህ?» ብዬ ነው። የሽያጭ ኃላፊው ቁጥሩን አይቶ ለቅርንጫፍ የሚደውለው በቀን ሁለቴ ነው፦ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ከስብሰባ በፊትና ከምሳ በኋላ። ሥራ አስኪያጁ ዕለታዊውን ድምር ይፈልጋል፣ በቃ። መኪና የሚያሰማራው ልጅ ግን መልሱ ሌላ ነበር። «አዲስ ትዕዛዝ ከመጣ መኪናው ሳይወጣ ልጨምርበት» አለኝ። አንድ መኪና ለመጫን ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። ስለዚህ ለእሱ የ5 ደቂቃ መዘግየት ምንም አይደለም፣ የአንድ ሰዓት መዘግየት ግን መኪናውን ያስመልጠዋል።

ከ10ሩ ቻርት ፈጣን መሆን የነበረበት አንዱ ብቻ ነው ማለት ነው። እሱን ለብቻው አወጣነው። ትዕዛዙ ከሻጮቹ ስልክ በቀጥታ ስለሚገባ በቀን ፓርቲሽን የተደረገ ቴብል ሠራንለት፤ የሚያነበው የዛሬን ብቻ ነው። ቢግኩዌሪ ከአንድ ቴብል ምንም ያህል ትንሽ ብታነብ 10 ሜጋ ብሎ ነው የሚቆጥርብህ። በየ5 ደቂቃው በቀን 120 ጊዜ ቢታደስ 1.2 ጊጋ ነው። ስንቱን ካጠፋን በኋላ ፈጣኑ ቻርት ርካሹ ሆኖ አረፈው። ፓርቲሽኑ መሥራቱን ግን አረጋግጥ። ቀኑን በ`FORMAT_DATE` ለውጠህ ከዚያ ካጣራኸው፣ ሙሉውን ቴብል ሊያነብብህ ይችላል።

ለቀሩት 9 ቻርቶች ትንሽ ማጠቃለያ ቴብል አዘጋጀን፤ በቅርንጫፍ፣ በምርትና በቀን የተደመረ። በየሰዓቱ ዳታው ተጭኖ እንዳለቀ ያለፉት 3 ቀናት ብቻ እንደገና ይሠራሉ፤ የዘገየ እርማት ስለሚመጣ ነው 3 ያደረግነው። ይህ በአንድ ዙር ከ100 ሜጋ በታች ያነባል። ቻርቶቹ ማጠቃለያውን ሲያነቡ እያንዳንዳቸው የሚቆጠርባቸው ያው 10 ሜጋ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ስህተት ሠርተን ነበር። መጀመሪያ ሁሉንም በየሰዓቱ አደረግነው፤ ጭነቱ በሰዓት፣ ማጠቃለያው በሰዓት፣ Data freshness በሰዓት። መዘግየቶቹ ግን ይደመራሉ። ማጠቃለያው ጭነቱ ሊያልቅ 2 ደቂቃ ሲቀረው ከተነሳ አዲሱን ዳታ አያገኘውም፤ ቀጣዩን ሰዓት ይጠብቃል። ሉከር ስቱዲዮም በራሱ ሰዓት ነው የሚሄደው። አንድ ቀን የሽያጭ ኃላፊው ወደ 3 ሰዓት የሚጠጋ ያረጀ ቁጥር ይዞ ስብሰባ ገባ። አሁን ማጠቃለያው የሚነሳው በሰዓት ሳይሆን ጭነቱ ሲያልቅ ነው። Data freshness ደግሞ 15 ደቂቃ ነው። ቴብሉ ትንሽ ስለሆነ 15 ደቂቃው ምንም አያስከፍልም ማለት ይቻላል። ጠቅላላው በወር ከ200 ጊጋ በታች ነው፤ ነፃው 1 ቴራ ውስጥ ይገባል። ያ ነፃ መጠን ግን ለቢሊንግ አካውንቱ በሙሉ ነው፤ ሌላ ቡድን ካላችሁ ትጋሩታላችሁ።

ወደ ኮታው ልምጣ። አዎ፣ ጣልበት። ግን የተለመደ ወጪህን ካወቅህ በኋላ ይሁን። ዳሽቦርዱን የራሱ ፕሮጀክት ስጠው፤ ሉከር ስቱዲዮ ላይ ቢሊንግ ፕሮጀክቱን መምረጥ ትችላለህ። እዚያ ላይ `QueryUsagePerDay` የሚለውን ኮታ አስቀምጥ። የተለየ ፕሮጀክት ያልኩህ፣ ዳሽቦርዱ ኮታውን ሲጨርስ አናሊስቶቹ አብረው ሥራ እንዳይፈቱ ነው። የተጠቃሚ ኮታውም አለ፤ ግን ለሁሉም ሰው እኩል ነው የሚሠራው፣ ለአንዱ ብቻ ማጥበብ አይቻልም። እኛ የፕሮጀክቱን ኮታ በጣም ከበዛበት ቀን ንባብ 4 እጥፍ አድርገነዋል። ቆጠራው ግምታዊ ስለሆነ ጥቂት ሊያልፍ ይችላል።

ኮታው መቼ እንደሚታደስ በደንብ ያዝ። የሚታደሰው በፓሲፊክ ሰዓት እኩለ ሌሊት ነው። ይህ ለእኛ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ነው፤ እነሱ በብርዱ ወራት ሰዓታቸውን ወደ ኋላ ሲመልሱ ደግሞ 5 ሰዓት። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይ ኮታው ቢያልቅብህ፣ ቻርቶቹ በማግስቱ የ3 ሰዓት ስብሰባ ላይም ኤረር እንዳሳዩ ናቸው። እኛን አንድ ጊዜ አግኝቶናል። ከዚያ ወዲህ የኮታው ግማሽ ላይ ኢሜይል የሚልክ ማስጠንቀቂያ አድርገናል፤ ከኮታው በላይ የጠቀመን እሱ ነው።

ለአለቆችህ ስታስረዳ ስለ ካሽ አታውራቸው። ዳታው የሚገባበትን ሰዓትና ሦስቱን የወር ዋጋ አንድ ወረቀት ላይ ጽፈህ አሳያቸው፤ የእኛዎቹ በ5 ደቂቃ ነው የተስማሙት። እስከዚያው ቲቪው ላይ ገጹን በየደቂቃው የሚከፍት ነገር ካለ ዛሬውኑ አጥፋው። ከዚያ ኩዌሪውን አስኪድና `cached` ስንት እንዳለህ እዚሁ ጻፍልኝ፤ አብረን እናየዋለን።