ቢል ኦፍ ሌዲንግ ሲነበብ፦ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚልክ ሰው ጥያቄና መልስ

የላኪዎችን ሰነድ እያዘጋጀሁ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ቢል ኦፍ ሌዲንግ አጓጓዡ ዕቃውን ስለመረከቡ ወይም ስለመጫኑ የሚሰጠው፣ ዕቃውም ወደብ ላይ የሚወጣበት ሰነድ ነው። ከአባላት የመጡትን ጥያቄዎች በመጡበት ቅደም ተከተል እመልሳለሁ። ለምሳሌ ያህል በኤልሲ፣ ማለትም ትክክለኛ ሰነድ ሲቀርብለት ባንክ እንደሚከፍል በገባው ቃል የተሸጠ፣ በአንድ ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር የተጫነ 380 ጆንያ ሽምብራ እንያዝ።

ጥያቄ፦ የቢል ኦፍ ሌዲንጉ ድራፍት ዛሬ ደረሰኝ፤ እስከ ነገ አጽድቅ ተብያለሁ። ከላይ እስከ ታች እንግሊዝኛ ነው። ከየት ልጀምር?

ኤልሲውን ከጎኑ ይክፈቱ። ድራፍቱን ብቻውን ያነበበ ሰው ስህተት አያገኝም፤ ስህተት የሚታየው ሁለቱ ሲተያዩ ነው። ዛሬ የሚያርሙት በአንድ ኢሜይል ያልቃል። ኦሪጅናሉ ከታተመ በኋላ ግን የወጡትን ሁሉ መመለስና እንደገና ማሳተም አለ፤ ገንዘብም ቀንም ይበላል።

በግራ በኩል ከላይ ወደ ታች ሦስት ሳጥኖች አሉ። የመጀመሪያው ሺፐር ነው፤ እርስዎ ነዎት። የድርጅትዎ ስም ኤልሲው ላይ በተጻፈበት ፊደል ይሁን። ሁለተኛው ኮንሳይኒ ነው፤ ዕቃው ለማን እንደሚሰጥ የሚጻፍበት። ካለዎት ጊዜ ግማሹን እዚህ ሳጥን ላይ ቢያጠፉ አይቆጭዎትም። ሦስተኛው ኖቲፋይ ፓርቲ ሲሆን መርከቡ ሲደርስ «ዕቃህ መጥቷል» የሚባለው ሰው ነው። ስሙ እዚያ ስለሰፈረ ብቻ በዕቃው ላይ መብት የለውም፤ ስልኩና አድራሻው ትክክል መሆኑን አይተው ይለፉ።

ጥያቄ፦ ኮንሳይኒ ገዢው አይደል እንዴ? እኔ ሁልጊዜ የገዢዬን ስም ነው የማስሞላው፤ አንድም ቀን ችግር አልገጠመኝም።

ግማሹ እውነት ነው። ገንዘብዎን አስቀድመው የሚቀበሉ ከሆነ የገዢውን ስም መሙላት ምንም አይጎዳዎትም፤ ችግር ያልገጠመዎትም ምናልባት ለዚህ ይሆናል። ክፍያው ከሰነዱ በኋላ የሚመጣ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

የገዢው ስም ብቻውን ከተጻፈ ሰነዱ በፊርማ ለሌላ ሰው አይተላለፍም፤ ዕቃው የዚያ የተጠቀሰው ሰው ነው። ድራፍቱ `TO ORDER OF SHIPPER` ካለ ግን ዕቃው የሚሰጠው እርስዎ ለሚያዙለት ሰው ነው። ትእዛዙን የሚሰጡት ሰነዱን ገልብጠው ጀርባው ላይ ማኅተምና ፊርማ በማኖር ነው። ያ ፊርማ ከሌለ ገዢው ወረቀቱን በእጁ ይዞም ወደብ ላይ ይቆማል። ለዚህ ነው ኤልሲ ብዙ ጊዜ «ቱ ኦርደር» ሆኖ ጀርባው ይፈረም የሚለው። ጀማሪ ላኪ ከፊት ያለውን ሁሉ አጣርቶ ጀርባውን ሳይፈርም ባንክ ሲገባ ደጋግሜ አይቻለሁ።

አንዳንድ ኤልሲ ደግሞ `TO ORDER OF` ብሎ ከፋዩን ባንክ ይጠራል። ያኔ ትእዛዝ ሰጪው ባንኩ ነው፤ የእርስዎ ፊርማ ጀርባው ላይ አያስፈልግም።

ከሌላ አባል፦ ለባንኩ ኦርደር ከተደረገ ላኪው እጁ ታሰረ ማለት ነው። ገዢው ቢከዳ ዕቃውን ለሌላ ለመሸጥ የባንኩን ፈቃድ መለመን ነው። እኔ አልቀበለውም።

ስጋትዎ ትክክለኛ ነው፤ እኔም በራሴ ስም ኦርደር ሲሆን ደስ ይለኛል። ነገር ግን ገንዘቡን የሚያበድረው ባንክ ዕቃውን መያዣ ማድረግ ስለሚፈልግ ብዙውን ጊዜ አይለቅም። ክርክሩ ኤልሲው ሲከፈት እንጂ ድራፍት ላይ የሚፈታ አይደለም።

ጥያቄ፦ የኔ ጉዳይ ሌላ ነው። ገዢው ለጉምሩክ ሥራ አንድ ኦሪጅናል አስቀድመህ ላክልኝ አለኝ፤ ላክሁለት። ሁለቱ እኔ ጋ ናቸው። አሁን ዕቃው ወጥቷል ይሉኛል፤ ገንዘቤን ግን አልከፈለም። ሁለት ኦሪጅናል በእጄ እያለ እንዴት ይሆናል?

ወንድሜ፣ በጣም አዝናለሁ። ግርጌው ላይ የኦሪጅናል ብዛት የሚል ሳጥን አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ይላል። ከፊርማው አጠገብ ደግሞ በደቃቅ ፊደል፣ አንዱ ሥራ ላይ ከዋለ ሌሎቹ ዋጋ የላቸውም የሚል ዐረፍተ ነገር ታገኛለህ። ሦስቱ ኦሪጅናሎች ሦስት ሦስተኛ እጅ አይደሉም፤ እያንዳንዳቸው ሙሉ ቁልፍ ናቸው። ጀርባው ተፈርሞ ከሄደ፣ ወይም ኮንሳይኒው ራሱ ገዢው ከነበረ፣ የመርከብ ድርጅቱ በዚያ በአንዱ ዕቃውን ማስረከቡ ጥፋት አይደለም። ሳትፈርምበት ከላክኸውና «ቱ ኦርደር» ከነበረ ግን ወረቀቶቹን ይዘህ ዛሬውኑ የባሕር ንግድ ጠበቃ ዘንድ ሂድ፤ ድርጅቱን የምትጠይቅበት መሠረት አለህ።

ኤልሲ «ፉል ሴት» የሚለው ለዚሁ ነው፦ ሦስቱም ለባንኩ ይግቡ። ለጉምሩክ ሥራ የሚፈልገው ገዢ ኮፒ ይበቃዋል።

ጥያቄ፦ ሁለት ቀን አለው፤ አንዱ የተሰጠበት፣ ሌላው ማኅተም ላይ ያለ። የቱ ነው የሚቆጠረው?

ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ቦታ ነው። ኤልሲው የመጨረሻው የመጫኛ ቀን ማርች 20 ነው ይበል። ድራፍቱ ግርጌ የተሰጠበት ቀን ማርች 19 ነው፤ ላኪው ይህን አይቶ ደስ ብሎት ያጸድቃል። ነገር ግን ቅጹ በመግቢያው ዕቃውን «ተረክበናል» ነው የሚለው፤ ማለትም ግቢያቸው ደርሷል እንጂ መርከብ ላይ አልወጣም። መሃል ላይ ደግሞ እንዲህ የሚል ማኅተም አለ፦ `SHIPPED ON BOARD 22 MAR`። ለባንክ የመጫኛው ቀን 22 ነው። ሁለት ቀን አልፏል፤ ባንኩ ዲስክሬፓንሲ፣ ማለትም ከኤልሲው ጋር አለመስማማት ይለዋል።

ቅጹ ራሱ በታተመ ጽሑፉ «መርከብ ላይ ተጭኗል» የሚል ከሆነና ሌላ ማኅተም ከሌለው የተሰጠበት ቀን የመጫኛ ቀን ይሆናል። ስለዚህ ከቀኑ በፊት ያንን የመግቢያ ዐረፍተ ነገር ያንብቡ።

ከዚሁ ቀን ጀምሮ ሌላም ቀነ ገደብ ይቆጠራል። ባንኮች የሚሠሩበት ዩሲፒ 600፣ ከጁላይ 1 ቀን 2007 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው ደንብ፣ ኤልሲው ሌላ ካላለ ሰነዱ ከተጫነ በኋላ በ21 ቀን ውስጥ እንዲቀርብ ያዛል። ማርች 22 የተጫነ እስከ ኤፕሪል 12 ነው፤ ኤልሲው ከዚያ በፊት የሚያልቅ ከሆነ ግን የኤልሲው ቀን ይቀድማል።

ቀኑ ካለፈ ገዢው ኤልሲውን እንዲያሻሽል ይጠይቁ። ወኪሉ «ቀኑን ወደ 20 እንመልሰው» ቢልዎት አይስማሙ፤ ያ ሐሰተኛ ሰነድ ነው።

ጥያቄ፦ ኤልሲው «ክሊን» ቢል ኦፍ ሌዲንግ ይላል። ኮንቴይነሩን አስጠርጌ የፀረ ተባይ ጭስ ምስክር ወረቀትም ይዣለሁ፤ ይበቃል?

እህቴ፣ ምስክር ወረቀቱ ለሌላ ጉዳይ ያገለግልሻል፤ ይህ ግን ስለ ንጽሕና አይደለም። ክሊን ማለት ዕቃው ወይም ማሸጊያው ጉድለት አለበት የሚል ማስታወሻ ሰነዱ ላይ አለመኖሩ ነው። «አሥር ጆንያ ተቀዷል» ተብሎ ቢጻፍ ክሊንነቱ ቀረ። «ክሊን» የሚለው ቃል ራሱ ሰነዱ ላይ ባይኖር ችግር የለውም።

ዕቃሽን ራስሽ ጭነሽ ያሸግሽው ከሆነ ደግሞ «ሺፐርስ ሎድ ኤንድ ካውንት» የሚል ታያለሽ፤ አትደንግጪ። አጓጓዡ «ውስጡን አልቆጠርኩም፣ ላኪው የነገረኝን ነው የጻፍኩት» እያለ ነው። ባንክ ይቀበለዋል። ለአንቺ ግን ትርጉም አለው፦ ገዢው 372 ጆንያ ብቻ አገኘሁ ቢል መልስ የሚጠበቀው ካንቺ ነው። ስለዚህ የኮንቴይነሩ በር የታሸገበት ሲል ቁጥር ሰነዱ ላይ በትክክል ይኑር፤ ሲሉ ሳይሰበር ከደረሰ ክርክሩ ስለ አጫጫንሽ ይሆናል፣ ከተሰበረ ስለ መንገዱ።

ጥያቄ፦ ፓኪንግ ሊስቴ 19,190 ኪሎ ይላል፤ ለመርከቡ ያስገባሁት ደግሞ 21,390። ድራፍቱ ላይ የትኛው ይግባ?

ሁለቱም ትክክል ነው፤ የሚመዝኑት ነገር ግን ይለያያል። እያንዳንዱ ጆንያ 50 ኪሎ ሽምብራና ግማሽ ኪሎ የጆንያ ክብደት ቢኖረው 380 ሲባዛ በ50.5፣ 19,190 ነው፤ የዕቃው ግሮስ ክብደት ይህ ነው። ባዶው ኮንቴይነር 2,200 ኪሎ ሲጨመር 21,390 ይሆናል። ይህኛው ከጁላይ 1 ቀን 2016 ጀምሮ ከመጫኑ በፊት የሚጠየቀው ቪጂኤም፣ ማለትም የተጫነው ኮንቴይነር የተረጋገጠ ጠቅላላ ክብደት ነው። ግሮስ ዌይት በሚለው ሳጥን 19,190 ይግባ፤ ከፓኪንግ ሊስቱ ጋር መስማማት ያለበት እሱ ነው።

ጥያቄ፦ ፍሬይት ፕሪፔይድ ወይስ ኮሌክት?

የሚወስነው የሽያጭ ውሉ ነው። በሲኤፍአር ወይም በሲአይኤፍ ከሸጡ የመርከቡን ኪራይ የሚከፍሉት እርስዎ ስለሆኑ `FREIGHT PREPAID`፤ በኤፍኦቢ ከሆነ ኪራዩን የሚከፍለው ገዢው ስለሆነ ኮሌክት።

ጥያቄ፦ ግርጌው ላይ የፈረመው የማላውቀው ድርጅት ነው። ትክክል ነው?

የፈረመው ማን እንደሆነ ሳይሆን በማን ስም እንደፈረመ ይዩ። ወኪል ከሆነ የአጓጓዡን ስም ጠቅሶ «ስለ እሱ ወኪል ሆኜ» ማለት አለበት። የአጓጓዡ ስም የትም ከሌለ ባንክ ይመልሰዋል። ዕቃ አስተላላፊ ድርጅት በራሱ ስም የሚሰጠው ሃውስ ቢል ከሆነም ገዢው ከመርከብ ድርጅቱ በቀጥታ ዕቃ አያወጣበትም፤ ኤልሲው ይፈቅድ እንደሆነ ያረጋግጡ።

ከሌላ አባል፦ የገዢው ስም ብቻ ያለበት ሰነድ ከሆነ ኦሪጅናል ሳይቀርብም ዕቃው ይሰጣል ሲሉ ሰምቻለሁ።

እንደ አገሩ ሕግ ነው። በአሜሪካ ሕግ አጓጓዡ ኦሪጅናል ሳይጠይቅ ለተጠቀሰው ሰው ማስረከብ ይችላል፤ በእንግሊዝ ሕግ ያሉ ዳኞች ግን ኦሪጅናሉ ይቅረብ ወደሚለው ያዘነብላሉ። ገንዘብ ሳይቀበሉ በዚህ ልዩነት ላይ መደገፍ አልመክርም።

ጥያቄ፦ እንደገና እኔ ነኝ፣ ድራፍቱ እስከ ነገ የሚጸድቀው። የኮንቴይነሩ ቁጥር ከፓኪንግ ሊስቴ ጋር በሁለት አሃዝ ተቀያይሯል። የትኛውን ልመን?

ሁለቱንም አይመኑ፤ ሲጫን የተነሳውን የበሩን ፎቶ ያውጡ። ቁጥሩ አራት ፊደልና ሰባት አሃዝ ነው፤ የመጨረሻው አሃዝ በሩ ላይ አብዛኛውን ጊዜ በሳጥን ተከቦ ይታያል። እሱ ከፊተኞቹ አሥር ፊደልና አሃዝ በስሌት የሚገኝ ስለሆነ ሁለት አሃዝ ሲቀያየር አብዛኛውን ጊዜ አይገጥምም፤ የመርከብ ድርጅቱ ሲስተም ትክክለኛ ያልሆነ ቁጥር ነው የሚልዎትም በዚህ ነው። ፎቶውን አያይዘው ለወኪሉ ዛሬ ማታ ይላኩ፤ ፓኪንግ ሊስቱም ከተሳሳተ አብረው ያርሙት።