ፊቴ በሌላ ሰው ገላ ላይ

ጥያቄ፦ ጓደኛዬ ሊንክ ላከችልኝ። ስከፍተው ፊቴ በአንዲት ራቁቷን ባለች ሴት ገላ ላይ ተለጥፏል። ገላው የእኔ አይደለም፣ ፊቱ ግን የእኔው ነው። የለጠፈውን አካውንት አላውቀውም። በኢንቦክስ ልሞልጨው ወይስ ቶሎ ሪፖርት ላድርገው? እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፍልህ።

መልስ፦ እህቴ፣ ሁለቱንም ለጥቂት ደቂቃ አቆዪው። ስትሰድቢው ፖስቱን አጥፍቶ ይሰወራል። ሪፖርትሽም ከተሳካ ፖስቱ ይነሳል፤ ማስረጃሽም አብሮ ይሄዳል። መጀመሪያ መረጃውን ያዢ።

ስክሪንሾት ስታነሺ ፎቶውን ብቻ ቆርጠሽ አታስቀምጪ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ከቻልሽ በኮምፒውተር ብሮውዘር ክፈቺው፤ በስልክ አፕ የገጹ አድራሻ አይታይም። አድራሻው፣ የለጣፊው ስምና የተለጠፈበት ቀን ከምስሉ ጋር አብረው ይታዩ። የፖስቱንና የፕሮፋይሉን ሊንክ ለየብቻ ኮፒ አድርጊ፣ ያየሽበትን ቀንና ሰዓትም ጻፊበት።

ከዚያ ፊትሽ ከየትኛው ፎቶሽ እንደተወሰደ ፈልጊ። የአንገትሽን አዟዟር፣ ጉትቻሽን፣ ብርሃኑ የመጣበትን አቅጣጫ አስተያዪ። ዋናውን ካገኘሽው ምስሉ የተቀነባበረ መሆኑን ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገሽ ታሳያለሽ። ሌላም ጥቅም አለው። ፎቶው ለምሳሌ ለጥቂት ጓደኞችሽ ብቻ ክፍት ከነበረ፣ የምትጠረጥሪው ሰው ቁጥር በአንዴ ያንሳል። ይህ ግን ፍንጭ እንጂ ማስረጃ አይደለም፤ ስም ጠርተሽ አትወንጅዪ።

አሁን ሪፖርት አድርጊ። «ሐሰተኛ መረጃ» የሚለውን አትምረጪ፤ ያለ ፈቃድ ስለተለጠፈ የወሲብ ወይም የራቁት ምስል የሚለውን ፈልጊ። «ፊቱ የእኔ ነው፣ ምስሉ የተቀነባበረ ነው፣ አልፈቀድኩም» ማለት ይበቃል። ሌላ ቦታም ተለጥፎ ካገኘሽው እያንዳንዱን ፖስት ለየብቻ ሪፖርት አድርጊ፣ የሚላክልሽንም ማረጋገጫ አስቀምጪ።

እንደገና እንዳይለጠፍ ደግሞ StopNCII.org አለ። 18 ዓመት ለሞላቸው ነው፤ የተቀነባበረ ምስልም ይቀበላል። ምስሉ ከስልክሽ አይወጣም። እዚያው ስልክሽ ላይ ወደ አሻራ መሰል ኮድ ይቀየርና ኮዱ ብቻ እንደ ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ቲክቶክ ላሉ ተባባሪ ድርጅቶች ይደርሳል። ተአምር ግን አይሠራም፦ ተባባሪ ያልሆነ ድረ ገጽ ላይ አይሠራም፣ ምስሉ ከተለወጠም ኮዱ ላይገጥም ይችላል። ከ18 ዓመት በታች ለሆነች ልጅ takeitdown.ncmec.org አለ፤ የእሷን ምስል ግን ማንም ለማስረጃ ብሎ እንዳያባዛው፣ ሊንኩ ይበቃል።

ጉግልም እንዲህ ያለ ምስል ከፍለጋ ውጤቱ እንዲያወጣ ይጠየቃል። ያ ገጹን አያጠፋውም፣ በስምሽ ሲፈለግ እንዳይመጣ ያደርጋል እንጂ።

ለፖሊስ ስታመለክቺ ይኸው የሰበሰብሽው ማስረጃ መነሻ ይሆንሻል። ለጓደኛሽም ንገሪያት፦ ሊንኩን ለሌላ ሰው አታስተላልፍ፣ የላከችልሽንም መልእክት አታጥፋ። መቼ እንደታየ የሚያሳይ ሁለተኛ ሰው እሷ ናት።