ጉዳዩ፦ ትብብር ስለመጠየቅ

ባለፈው ግንቦት አንድ የጎረቤቴ ልጅ ደብረ ማርቆስ ቤቴ መጣ። ቡሬ አካባቢ የግብርና ግብዓት ባለሙያ ሆኖ ከተቀጠረ ገና ዓመት አልሞላውም። ቡናው እስኪፈላ ስልኩን አወጣና «ጋሼ፣ ይቺን ኢሜይል እስቲ ይዩልኝ። ወደ ባሕር ዳር ከላክኋት አምስት ቀን ሆናት፤ መልስ የለም» አለኝ። መነጽሬን አድርጌ ማንበብ ጀመርኩ። በጣቴ ወደ ላይ እገፋለሁ፣ እገፋለሁ። አቦሉ ተቀዳ፤ እኔ ገና «በመሆኑም» ላይ ነኝ።

ልጆቼ፣ በዚህ ሥራ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቻለሁ። እንዲህ ያለ ደብዳቤ ጽፌያለሁ፣ ፈርሜበታለሁ፣ ሳላነበውም አሳድሬዋለሁ። ስለዚህ ልጁን ለመውቀስ ፊት አልነበረኝም። አጀማመሩ እንዲህ ነው፦

«ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው ጽ/ቤታችን በዘንድሮው የምርት ዘመን የበቆሎ ዘር ተረክቦ ለአርሶ አደሩ ለማሰራጨት ሰፊ እንቅስቃሴ እያደረገ የሚገኝ ሲሆን፣ ሆኖም ግን መጋዘኑ ከተሠራ ረጅም ዘመን ያስቆጠረ በመሆኑና ባለፈው ዓመትም ጥገና እንዲደረግለት ብናሳውቅም ምላሽ ባለማግኘታችን…»

ዓረፍተ ነገሩ ገና አላለቀም። በእኛ ቋንቋ ማሰሪያው መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። «ሲሆን»፣ «በመሆኑና»፣ «ባለማግኘታችን» እያሉ ሲቀጥሉት፣ አንባቢው ምን እንደተባለ ሳያውቅ ትንፋሹን ይዞ ይጠብቃል። ርዕሱ ደግሞ «ትብብር ስለመጠየቅ» ይላል። የምን ትብብር? ኃላፊው ስልኩ ላይ ኢሜይሉ ሲገባ ያየው ያንን ርዕስና «ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው» የሚለውን ብቻ ነው። እኔም ብሆን «ማታ አየዋለሁ» ብዬ አልፈው ነበር።

ጥያቄውን አራተኛው አንቀጽ ውስጥ አገኘሁት፦ «ዘሩ ወደ ሌላ መጋዘን የሚዛወርበት ሁኔታ ቢመቻችልን»። ሁኔታውን የሚያመቻቸው ማን ነው? ኃላፊው መኪና ይላክ? ብር ይስጥ? ወይስ ፊርማ ብቻ ነው የተፈለገው? ልጁን ስጠይቀው «ፈቃድ ብቻ ነው» አለኝ። ያቺን ቃል ግን የትም አልጻፋትም።

ለምን እንደረዘመ ስጠይቀው ዝም አለ። ትንሽ ቆይቶ «ነገ ዘሩ ቢበላሽ ለምን አላሳወቅህም እንዳልባል ብዬ ነው» አለ። እውነቱ ይሄ ነው። ረጅም ኢሜይል ብዙ ጊዜ ጥያቄ ሳይሆን ማስረጃ ነው፤ ነገሩ በሆነበት ቅደም ተከተል የተጻፈ የመከላከያ መልስ። ማስረጃው አስፈላጊ ነው፣ አልጥለውም። ቦታው ግን አባሪ ውስጥ ነው።

ልጁ ቶሎ ገባውና በንዴት አሳጠረው፦ «ዘሩ ወደ ማኅበሩ መጋዘን እንዲዛወር ይፈቀድልን።» በቃ። እኔም በወጣትነቴ እንዲህ አድርጌ ጉድ ሆኛለሁ። ያኔ ቴሌግራም የሚከፈለው በቃል ብዛት ነበርና ሳንቲም ላድን ብዬ «ማዳበሪያ ደርሷል መኪና ላክ» ብዬ መታሁ። መኪናው ተላከ፤ የሄደው ግን ወደ ሌላኛው መጋዘናችን ነው። ሾፌሩ ሁለት ቀን ተንገላታ። የቅኔ ተማሪም ጉባኤ ቃና የሚባለውን አጭር ቅኔ በሁለት ቤት ይጨርሳል፤ ታሪኩን ለማያውቅ ሰው ግን ሁለቱም ቤት ባዶ ድምፅ ነው።

ታዲያ የቱን እናቆይ፣ የቱን እንቁረጥ? የምጠቀምባት አንዲት ጥያቄ አለችኝ፦ ይህን ዓረፍተ ነገር ባወጣው ኃላፊው ስልክ ይደውልልኛል ወይ? የሚደውል ከሆነ ይቆያል። የማይደውል ከሆነ ይወጣል። ኃላፊውን ሳስበው ደግሞ ባለፈው ያወራነውን ሁሉ የረሳ፣ ነገ ከበላዩ «ለምን ፈቀድህ?» የሚባል ሰው አድርጌ ነው።

በዚህ መንገድ አንድ በአንድ ሄድንበት። የምርት ዘመኑ ሰፊ እንቅስቃሴ? አይደውልም፤ ወጣ። ልጁ ማን ማንን እንዳነጋገረ የሚተርከው ሙሉ አንቀጽም ወጣ። የዘሩ መጠን? ይደውላል። የማኅበሩ መጋዘን ኪራይ አለው? ይደውላል፤ ይህ ደግሞ ረጅሙ ኢሜይል ውስጥ ጭራሽ አልነበረም። ያከራከረን ያለፈው ዓመት የጥገና ጥያቄ ነው። ልጁ ወቀሳ ስለሆነ ይውጣ አለ። እኔ ግን ኃላፊው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ጣሪያውን ለምን አትጠግኑም?» ብሎ ነው ብዬ በግማሽ መስመር አቆየሁት። «ባለፈው የተነጋገርንበት ጉዳይ» የሚለውንም አስወጣሁት። ኢሜይል ከእጅ ወደ እጅ ይሄዳል፤ አብሮ ያልተነጋገረ ሰው ዘንድ ይደርሳል።

ሰላምታውን አልነካንም። ጎጃም ውስጥ ሰውን «እንዴት ሰነበትክ» ሳይሉ ወደ ጉዳይ መግባት ነውር ነው። አንድ መስመር ግን ይበቃል።

አንድ ገጽ ተኩል የነበረው እዚህ ላይ ቆመ፦

«ጉዳዩ፦ 320 ኩንታል የበቆሎ ዘር ለማዛወር ፈቃድ፣ እስከ ሐሙስ

ሰላም አቶ …፣ እንደምን ሰነበቱ?

ቡሬ መጋዘናችን ያለውን 320 ኩንታል ቢኤች 661 ዘር ወደ ጎረቤታችን ኅብረት ሥራ ማኅበር መጋዘን እንድናዛውር፣ እስከ ሐሙስ ግንቦት 14 ከቀኑ 9 ሰዓት ድረስ እንዲፈቅዱልን እጠይቃለሁ።

የመጋዘናችን ጣሪያ ያፈሳል። እሑድ በጣለው ዝናብ 18 ከረጢት ረጥቦ ለይተነዋል። ጥገና ዓምና ጠይቀናል (አባሪ 1)፤ አሁን ግን ዘሩ ውስጥ እያለ ጣሪያውን መክፈት አይቻልም።

ማኅበሩ መጋዘኑን ያለ ኪራይ ፈቅዶልናል (አባሪ 2)። የጭነቱን 14,000 ብር ከራሳችን በጀት እንሸፍናለን። ከእርስዎ የምንፈልገው ፈቃድ ብቻ ነው።

መኪናው ከዓርብ በኋላ ወደ ማዳበሪያ ሥራ ይዞራል። ዘሩ 1,280 ሄክታር የሚሸፍን ነው።»

የመጨረሻዋን ቁጥር ያስገባኋት እኔ ነኝ። በሄክታር 25 ኪሎ ይዘራል፤ ማካፈል ብቻ ነው። «ከፍተኛ ጉዳት ሊያስከትል ይችላል» ከሚለው የልጁ አባባል ይልቅ ሄክታሩ ለኃላፊው ይናገራል። ሰዓቱንም «ከቀኑ» ብለን የጻፍነው ሆን ብለን ነው። ግልባጩ ለውጭ ድርጅት የሚሄድ ቢሆን ኖሮ የፈረንጁን ቀንና ሰዓት አጠገቡ እንጨምር ነበር፤ በዚህ ምክንያት ስብሰባ ያመለጠው ሰው አውቃለሁ።

ሦስተኛው ቡና ሳይወርድ ላከው። በማግስቱ ጠዋት ደወለልኝ፤ መልስ መጥቷል። ኃላፊው ፈቅዷል፣ ግን ከሥር አንዲት ጥያቄ ጨምሯል፦ «የረጠቡት 18 ከረጢቶች ከ320ው ውስጥ ናቸው ወይስ ውጭ?»

ሁለታችንም ያንን አላየነውም። «እና ምን ብለህ መለስክ?» አልኩት።

«ውስጥ ናቸው አልኩ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ ምንም፣ ጋሼ።»