ዚግዛጉ ላይ ያለው O ኪቶን ነው ኤተር?

«ከግራ ጫፍ ቀጥሎ ያለው ጥግ ላይ =O አለ፣ ከዛ መስመሩ ውስጥ ሌላ O፣ ከሱ በኋላ አንድ ጥግና ጫፍ። ኪቶን ነው ኤተር? ስሙስ?»

ሁለቱም አይደለም፣ ኤስተር ነው። =O የያዘው ካርቦን ከሌላው O ጋር በቀጥታ ከተያያዘ ለያይተህ አታንብባቸው፣ አንድ ፈንክሽናል ግሩፕ ናቸው። ስሙ ኢታይል ኢታኖዬት ነው።

ስሙን ስታወጣ መስመሩ ውስጥ ያለው O ላይ ለሁለት ክፈለው።

1. =O የሌለበትን ወገን መጀመሪያ ጥራ። እዚህ ጥጉና ቀኝ ጫፉ ሁለት ካርቦን ስለሆኑ ኢታይል።

2. =O ያለበትን ወገን ቁጠር፣ =O የተቀመጠበት ጥግ ራሱም ካርቦን ስለሆነ አትዝለለው፣ እሱና ግራ ጫፉ ሁለት ናቸው፣ ኢታኖዬት።

የማስጠናቸው ልጆች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት እዚህ ጋ ነው፣ መስመሩ ውስጥ ያለው O የተጻፈበትን ጥግ ካርቦን ብለው ይቆጥራሉ ወይም ባዶውን ጫፍ ይረሱታል፣ ጫፍ ላይ ምንም ካልተጻፈ CH3 ነው። ሞለኪውላር ፎርሙላውን አይተህም አትተማመን፣ ሜታይል ፕሮፓኖዬትም እንደዚሁ C4H8O2 ነው፣ የሚለያቸው O የት ጋ እንደገባ ብቻ ነው። ስዕሉ ተገልብጦ =O በቀኝ ቢመጣም ከግራ አትጀምር፣ መጀመሪያ =O የቱ ወገን እንዳለ ፈልግ።