ፈቃድ ስትጠይቁ የሚተካችሁን ሰው ስም ይዛችሁ ሂዱ

ውድ ወጣቶች፣

የፈረቃ ፕሮግራሙ ገና ካልወጣ ጉዳዩ ቀላል ነው፤ የማትችሉበትን ቀን ቀድማችሁ አሳውቁ፣ አለቃችሁ ሲያወጣው ያስብበታል። ከወጣ በኋላ ግን «ቅዳሜ አልችልም» ብቻ ብትሉ፣ ሰው የመፈለጉ ጣጣ ሁሉ እሱ ላይ ይወድቃል። ብዙ ጊዜ «አይቻልም» የሚባለውም ለዚህ ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ተረኛ ናችሁ፣ ሒሳብ ዘግታችሁ ቁልፍ የምታስረክቡትም እናንተ ናችሁ። የሥራ ባልደረባችሁ ሰላም ሐሙስ በዚያው ሰዓት ትገባለች፤ ቅዳሜን ልትይዝላችሁ፣ እናንተም ሐሙስን ልትይዙላት ተስማማችሁ። አለቃ ጋ ከመሄዳችሁ በፊት ግን የእሷን ሳምንት ተመልከቱ። እሁድ ጠዋት 12 ሰዓት ትገባ ከሆነ በመሀል የሚቀራት 8 ሰዓት ብቻ ነው፤ መንገዱ ሲቀነስ እንቅልፏ ምን ያህል ይሆናል? ይህን አለቃችሁ ካየው አይቀበለውም፣ ሳያየው ካለፈ ደግሞ እሁድ የምትጎዳው እሷ ናት። እሁድ እረፍት የሆነው ዳዊት ሐሙስ በዚያው ፈረቃ ከገባና ሒሳብ መዝጋት ከቻለ እሱን ጠይቁ። በጣም የምትቀርቡት ሰው ሁልጊዜ ተስማሚው ተተኪ አይደለም።

ቅያሬው በአንድ የደመወዝ ሳምንት ውስጥ ቢያልቅ እመርጣለሁ። ሁለታችሁም በሳምንት 40 ሰዓት የምትሠሩ ሆናችሁ ዳዊት የዚህን ሳምንት ቅዳሜ ቢይዝላችሁና እናንተ በሚቀጥለው ሳምንት ብትመልሱለት፣ እሱ በዚህ ሳምንት 48 ሰዓት ይገባል፣ እናንተም በሚቀጥለው 48 ትገባላችሁ። ማንም ያላሰበው የትርፍ ሰዓት ክፍያ ሁለት ጊዜ ሊመጣ ይችላል ማለት ነው።

ዳዊት «እሺ» ካለ በኋላ ለአለቃችሁ በጽሑፍ እንዲህ ላኩ፦

«ቅዳሜ ከ8 እስከ 4 ሰዓት ያለኝን ፈረቃ ዳዊት ሊይዝልኝ ተስማምቷል። እኔ በዚያው ሳምንት የእሱን የሐሙስ ፈረቃ በተመሳሳይ ሰዓት እገባለሁ። ሒሳብ መዝጋት ይችላል፣ እሁድም እረፍት ነው። ይፈቀድልን?»

ዳዊትም ከራሱ ስልክ «ተስማምቻለሁ» ብሎ ይጻፍ። የሌሊት ፈረቃ ከሆነ ቀኑንም ቁጥሩንም ጥቀሱ፤ «የቅዳሜ ሌሊት» ያላችሁትን አንዱ ለቅዳሜ አጥቢያ፣ ሌላው ለእሁድ አጥቢያ አድርጎ ሲረዳው ሁለታችሁም ቤት ታድራላችሁ።

አለቃው ፈቅዶ የተለጠፈው ፕሮግራም ላይ ስሙ እስኪቀየር ድረስ ቅዳሜ የእናንተ ነው። በቃል ብቻ ተስማምታችሁ ዳዊት ቢያመው፣ ቀረ ተብሎ የሚጻፈው በፕሮግራሙ ላይ ያለው የእናንተ ስም ነው። ስለዚህ ዓርብ ፕሮግራሙን አንዴ ዓይታችሁ ፎቶ አንሱት፤ ስማችሁ አሁንም እዚያው ካለ በዚያኑ ሰዓት ደውሉ።